የጉማራው ጠጠር ከመግለጫዎ ጠፍቷል

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዓሣ ሀብትና በውኃ ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት የዶክትሬት ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ነጭ ዓሣ በክረምት ከጣና ወደ ጉማራ ወንዝ ወጥቶ እንቁላል ስለሚጥልበት ሁኔታ አጠናለሁ። በሁለት ክረምት በወንዙ አፍ፣ ከድልድዩ በላይና በሁለት ገባሮች መረብ ጥያለሁ፤ አንድ ክረምት ይቀረኛል። እዚሁ ባሕር ዳር ለሚካሄድ ጉባኤ መርሐ ግብር የምርምር ርዕሴንና ግቤን የሚገልጽ፣ ከ100 ቃላት ያልበለጠ አጭር የሕይወት ታሪክ በአማርኛ እንድልክ ተጠይቄ የሚከተለውን ጻፍኩ። ‹ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅና የብርቅዬ ዓሦች መኖሪያ ነው። ዕጩ ዶክተር እገሊት የጣናን ብዝኃ ሕይወት በዘላቂነት ለመጠበቅ የሚያስችል ጥልቅ ምርምር በማካሄድ ላይ ትገኛለች። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መረጃ የሰበሰበች ሲሆን፣ ግቧም የነጭ ዓሣን መመናመን መግታትና ለአገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማት የበኩሏን አስተዋጽኦ ማበርከት ነው።› አማካሪዬ ‹ምን እንደምታጠኚ አልተጻፈም› አሉኝ። ገና ያልጨረስኩትን ጥናት እንዴት አድርጌ ግብ ብዬ ልጻፍ?»
የጉማራዋ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ አማካሪዎ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የጎደለውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ ለእኔ በጻፉት ደብዳቤ ላይ ተቀምጧል። ለእኔ ሲጽፉ ወንዙን፣ ወቅቱን፣ መረቡንና የጣሉባቸውን ቦታዎች ጠቅሰዋል። ለጉባኤው ሲጽፉ ግን አራቱም ጠፍተው በምትካቸው «ብዝኃ ሕይወት»፣ «ዘላቂነት»ና «ጥልቅ ምርምር» ገቡ። የዓሣና የውኃ ጥናት ጉባኤዎችን መርሐ ግብር ለዓመታት ሳሰናዳ ይህን ልማድ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው ሥራውን በቃል ሲያወራ ጉማራ ላይ ቆሞ ያወራል፤ ብዕር ሲያነሣ ግን ከሐይቁ በላይ ከፍ ብሎ መብረር ያምረዋል።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያለ ጸጸት ይሰርዙት። ጣና ትልቅ ሐይቅ መሆኑን ባሕር ዳር ለተሰበሰበ፣ ምናልባትም ከአዳራሹ መስኮት ውኃውን እያየ ለሚቀመጥ ሰው መንገር ቃል ማባከን ነው። ከዚያም በላይ፣ ዓረፍተ ነገሩ የሐይቁ የሕይወት ታሪክ እንጂ የእርስዎ አይደለም። ስለ ሐይቁ የሚባለው ሁሉ የሚነገርበት ሌላ ቦታ፣ ማለትም የጽሑፍዎ መግቢያ አለልዎት።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የምርምር ርዕስዎን መያዝ ነበረበት። ርዕስ መያዝ አለመያዙን የምፈትንበት መንገድ ቀላል ነው፤ ስምዎን አውጥቼ የሌላ ሰው ስም አስገባበታለሁ። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭን የሚያጠና ሰው፣ በደንገል ውስጥ የሚራቡ ወፎችን የሚቆጥር ሰው፣ ወይም የሐይቁን የውኃ ጥራት የሚለካ ሰው ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንዲት ፊደል ሳይቀይር ስለ ራሱ ሊያሳትመው ይችላል። እንዲህ ያለውን አነጋገር ቢያሹትም ቢያራዝሙትም ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው (በእኛ ሐይቅ ዳር ይህ ተረት ሌላ ትርጉም መያዙ ይቆጨኛል)። ርዕስዎ የእርስዎ ብቻ የሚሆነው የትኛው ዓሣ፣ የትኛው ወንዝና የትኛው ጥያቄ የሚሉት ሦስቱ ሲገቡበት ነው።

ከሦስቱ ብዙ የሚያሳስተው ዓሣው ነው። ለአስጋሪውና ለገበያተኛው «ነጭ ዓሣ» ከቀረሶና ከአምባዛ የሚለይበት አንድ ስም ሲሆን፣ ስሙን ለሰማ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። ለዓሣ ተመራማሪው ግን ነጭ ዓሣ አንድ ዓሣ አይደለም። በሐይቁ ውስጥ ላቤዎባርበስ በተባለው ወገን ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ተገልጸዋል፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ስለለያቸው እዚሁ ተለያይተው የበዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡም አሉ፣ ወንዝ ውስጥ ያልተገኙም አሉ። ስለዚህ «ነጭ ዓሣ ወደ ጉማራ ይወጣል» ብለው ቢጽፉ ለአስጋሪው ልክ፣ ለተመራማሪው ደግሞ ጎዶሎ ይሆንብዎታል፤ «ላቤዎባርበስ» ብቻ ቢሉ ደግሞ ከቢሮ ወይም ከአስጋሪዎች ማኅበር የመጣው ተሳታፊ ስለ ማን እንደሚናገሩ ሳያውቅ ገጹን ይገልጠዋል። ሁለቱንም ይጻፉና «የ… ዝርያዎች» ይበሉ። የዝርያዎቹን ስም አንድ በአንድ መደርደር ግን ለ100 ቃላት አይሆንም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ጭብጥ እንግባ፤ ቀን ከሌሊት ሊያስጨንቅዎ የሚገባው እዚህ ላይ የሚመርጡት ግስ ነው። በደብዳቤዎ «እንቁላል ስለሚጥልበት ሁኔታ» ብለዋል። ነገር ግን መረብዎ በእርግጥ ምን እንዳሳየዎት ያስቡበት። በወንዙ አፍ የተያዘ ዓሣ በዚያ ሳምንት በዚያ ቦታ መኖሩን ያሳያል፤ ሊወጣ ተሰብስቦ ይሁን ሲያልፍ ተይዞ ይሁን ብቻውን አይነግርዎትም። ሆዱ ለስለስ ተደርጎ ሲጫን እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ፈሳሽ የሚወጣው ዓሣ እንቁላል በሚጣልበት የገባሩ ጠጠር ላይ ከተገኘ ለመጣል ተዘጋጅቶ እስከዚያ መድረሱን ያሳያል። በዚያ ቦታ መጣሉን ለመናገር ግን ከጠጠሩ መካከል የተገኘ እንቁላል ወይም ገና የተፈለፈለ ጫጩት፣ ቢያንስ ደግሞ እንቁላሉን ጨርሶ ሆዱ የተሸበሸበ ዓሣ በዚያው ማግኘት ይጠይቃል። ስለዚህ ጠጠሩን ገልብጠው እንቁላል ካልፈለጉ «እንቁላል የሚጥሉባቸውን ቦታዎች ለይተዋል» የሚለው ሐረግ ከመረብዎ በላይ ይናገራል። «እንቁላል ለመጣል የሚደርሱባቸው» የሚለው ግን ልክ ነው። ልዩነቱ የሁለት ቃላት ቢመስልም፣ በጥያቄ ሰዓት «መጣላቸውን እንዴት አወቁ?» ብሎ የሚነሣ ሰው በመርሐ ግብሩ መጽሔት ላይ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያ ነው።

በተመሳሳይ ምክንያት «መመናመን» የሚለውን ቃል ከራስዎ መግለጫ ያውጡት። ነጭ ዓሣ መቀነሱን ከእርስዎ በፊት የነበሩ ጥናቶች አሳይተዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ፣ አስጋሪው ዓሣው ለመውጣት በወንዝ አፍ የሚሰበሰብበትን ወቅት እየጠበቀ ብዙ ያዘ። ዓሣው ከመራባቱ በፊት መያዙ ደግሞ ጉዳቱን አበዛው። የእርስዎ የሁለት ክረምት መረጃ ግን የመብዛትም ሆነ የመቀነስ ምስክር ሊሆን አይችልም። አንዱ ክረምት ከሌላው በዝናብ ይለያል፣ ወንዙ ሲሞላ መረብ በደንብ አይይዝም፣ የመረብዎ ዓይን ስፋትም የሚይዘውን ዓሣ መጠን አስቀድሞ ይመርጣል። ያልለኩትን ነገር በግብዎ ውስጥ ካስገቡ አንባቢው እንደለኩት ይቆጥረዋል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ግብ እንምጣ። ጭንቀትዎ ያልጨረሱትን እንዴት እጽፋለሁ የሚል ነው፤ ነገር ግን ግብ ማለት ያልተጨረሰው ነውና መጻፉ ነውር የለበትም። ነውር የሚሆነው የእርስዎ ያልሆነውን ግብ መጻፍ ነው። የነጭ ዓሣን መመናመን መግታት የወንዝ አፍ ጥበቃን፣ ከወንዙ አሸዋ የሚያወጡ ሰዎችን፣ በፎገራ ሜዳ ለመስኖ ውኃ የሚስቡ ሞተሮችንና ከተራራው የሚወርደውን ደለል ይመለከታል። ከእነዚህ አንዱም በእርስዎ እጅ አይደለም። እኔ የተማሪዎችን ግብ ስመዝን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህን ግስ ተማሪዋ በራሷ መረብ፣ በራሷ ሚዛንና በራሷ ጊዜ ልትፈጽመው ትችላለች?» መለየት፣ መለካት፣ ማነጻጸር፣ በካርታ ማስቀመጥ ይቻላሉ። መግታት፣ መታደግና ማረጋገጥ አይቻሉም። ማበርከት ደግሞ ይቻል ይሆናል፣ ግን ምን እንደሚበረከት ካልተነገረ ምንም አልተባለም።

ይህ ማለት ግን ጥናትዎ ለማን እንደሚጠቅም አይጻፍ ማለት አይደለም። በወንዝ አፍ ዓሣ ማስገር የሚከለከልበት ጊዜ ሲወሰን፣ ክልከላው ዓሣው ከሚወጣበት ሳምንት ጋር ካልገጠመ አስጋሪው ሥራ ፈትቶ፣ ዓሣውም ሳይጠበቅ ይቀራል። የእርስዎ ሥራ የትኛው ዝርያ በየትኛው ሳምንት እንደሚወጣ ማሳየት ከቻለ፣ ጥቅሙ የተጨበጠ ነው። ስለዚህ ግቡን በሁለት ደረጃ ይጻፉት። በመጀመሪያ እርስዎ የሚፈጽሙትን፣ ቀጥሎ ሌሎች በውጤቱ ሊያደርጉ የሚችሉትን፤ ሁለተኛውንም «እንዲሆን ታስቧል» በሚል ቁጥብ አነጋገር ይዝጉት።

የተሠራውንና ያልተሠራውን በተለያየ ግስ መለየት ግድ ነው። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ለአንድ ጉባኤ በላክሁት መግለጫ «የግልገል ዓባይን፣ የጉማራን፣ የርብንና የመገጭን የደለል መጠን ለክተዋል» ብዬ ጽፌ ነበር። መግለጫውን በላክሁበት ቀን የለካሁት ሁለቱን ብቻ ሲሆን፣ ጉባኤው እስኪደርስ የቀሩትን እንደምጨርስ ተማምኜ ነበር። የክረምቱ ሙላት አንዱን የውኃ ከፍታ መለኪያዬን ነቅሎ ወሰደው፤ ሁለተኛው ወንዝ ዘንድ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳልደርስ ቀረሁ። አቀራረቤን ስጨርስ አንድ አዛውንት መጽሔቱን ከፍተው «የመገጩስ የት አለ?» አሉኝ። ንግግሬን ማንም አላስታወሰውም፤ መገጭን ግን ለሁለት ቀን ሙሉ ሻይ ላይ ሳይቀር አነሡብኝ። መርሐ ግብር ከጉባኤው ብዙ ሳምንታት ቀድሞ ይታተማልና፣ መግለጫውን በሚልኩበት ቀን እውነት የሆነውን ብቻ ባለፈ ጊዜ ግስ ይጻፉ።

ስለ ዓመተ ምሕረቱ የማነሣው ነገር ምናልባት ያላሰቡት ይሆናል። «በ2012 እና በ2013 ዓ.ም.» ብለዋል፤ ነገር ግን ዓሣዎ በሐምሌና በነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት የሚወጣ በመሆኑ እያንዳንዱ የመስክ ወቅትዎ ዕንቁጣጣሽን ይሻገራል። የመጀመሪያው ክረምትዎ በሐምሌ 2012 ተጀምሮ በጥቅምት 2013 ካለቀና ሁለተኛው በሐምሌ 2013 ተጀምሮ በጥቅምት 2014 ካለቀ፣ «2012 እና 2013» የሚለው አጻጻፍ አንባቢን ያሳስታል፤ አንድ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ አንድ ክረምት ብቻ ነው ሊል ይችላል። መርሐ ግብሩ በእንግሊዝኛም የሚታተም ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ወቅት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በአንድ የፈረንጆች ዓመት፣ በ2020፣ ውስጥ ይወድቃል። ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ቁጥሩ አልገጠመለትም ብሎ ስሕተት ይፈልጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዚህ አጭር መግለጫ ውስጥ ዓመት አያስፈልግዎትም፣ «ባለፉት ሁለት ክረምቶች» ይበሉ። ዝርዝር ቀኑ በአቀራረብዎ ሠንጠረዥ ላይ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይቀመጥ።

ማዕረግን በተመለከተ በአጭሩ፦ የማጠቃለያ ፈተናውን አልፈውና የጥናት ዕቅድዎ ጸድቆ ከሆነ «ዕጩ» መባል ይችላሉ፤ ካልሆነ «የዶክትሬት ዲግሪ ተማሪ» ይበሉ፣ የሚያንስ ስም አይደለም። ከ«ዕጩ ዶክተር» ይልቅ ይህን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የመድረክ መሪዎች በጥድፊያ ሲያነቡ «ዕጩ»ን ውጠው «ዶክተር»ን ብቻ ያሰማሉ፣ ማረም ደግሞ ለእርስዎ ይቀራል። «ትገኛለች» የሚለውንም ወደ «ናቸው» ይለውጡት። ስለ ራስ አንቱታ መጻፍ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ ነገር ግን መግለጫው በእርስዎ አፍ አይነበብም። መሪው ከእርስዎ በፊት ያለውን ተናጋሪ «ናቸው» ብሎ እርስዎን «ናት» ቢል አዳራሹ ልዩነቱን ይሰማዋል፣ ሴት ተናጋሪዎች ላይ ደግሞ ይህ ሲደጋገም አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ይዤ በራስዎ መረጃ የሞከርሁት የሚከተለው ነው።

«እገሊት እገሌ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዓሣ ሀብትና በውኃ ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ተማሪ ናቸው። በተለምዶ ነጭ ዓሣ የሚባሉት የጣና ላቤዎባርበስ ዝርያዎች በክረምት ወደ ጉማራ ወንዝ የሚወጡት መቼ እንደሆነና እንቁላል ለመጣል የሚደርሱባቸው የጠጠር መደቦች የትኞቹ እንደሆኑ ያጠናሉ። ባለፉት ሁለት ክረምቶች በወንዙ አፍ፣ በመካከለኛ ክፍሉና በሁለት ገባሮች መረብ በመጣል የተያዙትን ዓሦች ዝርያና የእንቁላል ብስለት መዝግበዋል፤ የሦስተኛው ክረምት የመስክ ሥራ በመጪው ሐምሌ ይጀመራል። የጥናታቸው ግብ እያንዳንዱ ዝርያ ወደ ወንዙ የሚወጣበትን ጊዜና የሚደርስበትን ቦታ መለየት ሲሆን፣ ውጤቱ በወንዙ አፍ ማስገር የሚከለከልበትን ጊዜ ለሚወስኑ ባለሙያዎች መረጃ እንዲሆን ታስቧል።»

ቃላቱ 82 ናቸው። «ከድልድዩ በላይ»ን በ«መካከለኛ ክፍሉ» የለወጥሁት ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ የማያልፍ ሰው የትኛው ድልድይ እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። የእንቁላሉን ብስለት የጨመርሁት ግን በደብዳቤዎ ሳይጠቅሱት በግምት ነውና፣ ዓሦቹን ከፍተው ወይም ሆዳቸውን ተጭነው ደረጃውን ካልመዘገቡ «ዝርያና መጠን» ብለው ይተኩት። እንዲህ ሲሆን ደግሞ «እንቁላል ለመጣል የሚደርሱባቸው» የሚለው ሐረግ ማስረጃ አይኖረውምና፣ እሱም «በክረምት የሚደርሱባቸው» ወደሚል መውረድ አለበት። በተረፉት 18 ቃላት ቀድሞ የሠሩበትን ሥራ፣ ወይም ጥናቱን የደገፈው አካል ስሙ እንዲጠቀስ የሚያስገድድ ውል ካለ እሱን ያስገቡ። የትውልድ ቦታን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቁበትን ቀንና የአማካሪዎን ስም አልፈልግም፤ አማካሪዎ በጽሑፉ ላይ ከእርስዎ ጋር ስለሚዘረዘሩ በዚያ ይበቃቸዋል።

የእንግሊዝኛውን ቅጂ ሲያዘጋጁ ቃላቱ እንደሚበዙ አስቀድመው ይወቁት። በአማርኛ «በወንዙ» አንድ ቃል ሲሆን በእንግሊዝኛ ሦስት ይሆናል። ስለዚህ 82ቱ የአማርኛ ቃላት ከ100 ያልፉብዎታልና፣ በዚያ ቅጂ የመጀመሪያ ተቆራጭ የሦስተኛው ክረምት ሐረግ ይሁን እንጂ የዓሣው ስም አይሁን። ስምዎን ደግሞ ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ በታየበት ፊደል ይጻፉ፤ በዚያ መርሐ ግብር ማውጫ ላይ በአባትዎ ስም ተራ፣ በአማርኛው ግን በራስዎ ስም ፊደል ተራ ስለሚገቡ ሰዎች ሁለት ቦታ ይፈልጉዎታል።

ከመላክዎ በፊት መግለጫውን የእርስዎን ሙያ ለማያውቅ ሰው ሰጥተው ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ። አብዛኛው ሰው የሚደናቀፈው «ላቤዎባርበስ» ላይ ነው። በጉባኤው ጠዋት የመድረክ መሪዎን ፈልገው ቃሉን አንድ ጊዜ በጆሮው ይንገሩት፤ አልያዝ ካለው ደግሞ «ነጭ ዓሣ»ን ብቻ አንብቦ እንዲያልፍ ይፍቀዱለት፣ ሌላውን ከመድረክ ሆነው እርስዎ ይሉታል።